«የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?» ላልከኝ ወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

መልእክትህን አየሁት። የሦስት ኩባንያዎችን ቻርት ልከህ፣ በአንደኛው ላይ ቀይ መስመር አስምረህ፣ «ይሄኛው ሊነሣ ነው አይደል? አንተ እርግጠኛ ከሆንክ ያለችኝን ሁሉ አስገባበታለሁ» ብለሃል። እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን የምልህ ሙያዬን ሰስቼብህ እንዳይመስልህ። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ነገ ዋጋው የት እንደሚያድር የሚያውቅ ግን አንድም አላገኘሁም። አውቃለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

መጀመሪያ እያየኸው ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ቻርት የተፈጸሙ ሽያጮች መዝገብ ነው። እያንዳንዷ ሻማ አራት ዋጋ ብቻ ትነግርሃለች፤ ቀኑ የተከፈተበትን፣ የተዘጋበትን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን። ከሥር ያሉት አሞሌዎች ደግሞ ስንት አክሲዮን እጅ እንደለወጠ ያሳያሉ። ሌላው ሁሉ፣ አማካይ መስመሩም ሆነ በስክሪንህ ግርጌ የሚወዛወዘው ጠቋሚ፣ ከእነዚሁ ቁጥሮች ተሰልቶ የወጣ ነው። ስለዚህ አምስት ጠቋሚ አንድ ላይ «ግዛ» ቢሉህ አምስት ምስክር አገኘሁ ብለህ አትደሰት። አንዱ ምስክር አምስት ጊዜ እየተናገረ ነው።

አሁን ደግሞ ከአንተ ማዶ ስላለው ሰው አስብ። አንተ ልትገዛ የምትችለው የሚሸጥልህ ሲኖር ነው። ያ ሻጭ ምናልባት ቢሮ ሙሉ ተንታኝ የቀጠረ ፈንድ ይሆናል፤ አንተ ያየኸውን ቻርት እሱም ከፊቱ ዘርግቶታል። ቻርቱ ነገ ዋጋው እንደሚጨምር በእርግጥ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው በዛሬው ዋጋ ለምን ይሸጥልሃል? ሁሉም የሚያነበው እርግጠኛ ምልክት ካለ ሁሉም ዛሬውኑ ይገዛል፤ ዋጋውም ዛሬውኑ ይወጣል፤ ለነገ የሚተርፍ ትርፍ አይኖርም። ምልክቱ በታወቀ ቁጥር ጥቅሙ ይሟሽሻል። ቻርት እርግጠኛነት የማይሰጠው አንባቢው ስላልሰለጠነ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ገበያው ራሱ የተሠራበት መንገድ አይፈቅድም።

ታዲያ ቻርት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በየቀኑ አየዋለሁ። አክሲዮኑ በቀን በአማካይ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ፣ ገዢና ሻጭ የተሰበሰበበት ዋጋ የት እንደሆነ፣ ሐሳቤ ስህተት ሆኖ ቢገኝ የት ላይ እንደማውቅ ይነግረኛል። ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ አልፎ ትንቢት ሲጠይቀው ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታይበትን አንድ እውነተኛ ምሳሌ ላሳይህ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን የሜታን ቻርት ክፈትና ወደ እ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ተመለስ። በጃንዋሪ ወር መላው የቴክኖሎጂ ዘርፍ ሲወርድ የሜታ አክሲዮንም አብሮ ወርዶ ከወሩ መጨረሻ ቀደም ብሎ 295 ዶላር አካባቢ ዘጋ። ከዚያ ተነሣ። አራት ቀን በተከታታይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን በ323 ዶላር ዘጋ። ያን ዕለት ማታ ቻርቱን ብትልክልኝ ኖሮ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ «ከዚህ አልወርድም ያለበትን ወለል፣ ሳፖርቱን፣ ነክቶ ተመለሰ፣ አራት አረንጓዴ ሻማ፣ ልግባ?» እውነት ለመናገር ንባብህ ስህተት አይሆንም ነበር። በመማሪያ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ቅርጽ ያው ነው።

ገበያው ከተዘጋ በኋላ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። ፌስቡክን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ከ1.930 ቢሊዮን ወደ 1.929 ቢሊዮን ወርዷል። ቅናሹ ጥቂት ይመስላል፤ ግን በፌስቡክ ታሪክ ይህ ቁጥር ከሩብ ዓመት ወደ ሩብ ዓመት ሲቀንስ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ላይ አፕል በአይፎን ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥ በዚያው ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚያሳጣቸው የኩባንያው ኃላፊዎች ተናገሩ። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገቢም ገበያው ከጠበቀው በታች እንደሚሆን ገመቱ። በማግስቱ አክሲዮኑ 245 ዶላር ግድም ላይ ተከፈተ፤ በ237.76 ዘጋ። 26 በመቶ በአንድ ቀን! ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ላይ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተነነ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ በአሜሪካ ኩባንያ ላይ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ኪሳራ ደርሶ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ያ የተጠቃሚ ቁጥር ፌብሩዋሪ 2 ቀን ከሰዓት በኋላ የት ነበር? በኩባንያው ሰነድ ውስጥ ተቆልፎ። ሊያውቁት የሚችሉት ጥቂት የውስጥ ሰዎች ደግሞ በእሱ ላይ ተመሥርተው እንዳይገበያዩ ሕግ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ በዋጋው ውስጥ አልነበረም፤ በዋጋው ውስጥ ያልነበረ ነገር በቻርቱ ላይ ሊታይ አይችልም። የፈለግከውን ያህል መስመር ብታሰምር ያላየኸውን አታወጣውም።

«ለዚህ ነው ስቶፕ ሎስ ያለው» እንደምትለኝ እገምታለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጣው ይህችን ባለመረዳት ነው። በ323 ገዝተህ ስቶፕ ሎስህን 285 ላይ አስቀመጥክ እንበል። ትርጉሙ «ዋጋው 285 ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲወርድ፣ ባገኘኸው ዋጋ ሽጥልኝ» ነው። 285 ላይ እንደሚሸጥልህ ማንም ዋስ አልሆነህም። ከ323 እስከ 245 ባለው መሐል በመደበኛው ገበያ አንድም ሽያጭ አልተካሄደም። ዋጋው ደረጃ በደረጃ አልወረደም፤ ዘለለ። ጋፕ የምንለው ይህን ነው። ትዕዛዝህ ጠዋት ሲከፈት ይነቃና የመጀመሪያውን ዋጋ ይዞ ይወጣል፤ ያም 245 አካባቢ ነው። በአንድ አክሲዮን 38 ዶላር ልታጣ አቅደህ 78 አጣህ።

«እንግዲያው ከ280 በታች አትሽጥብኝ ብዬ ልገድበው» ብትል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስቶፕ ሊሚት የሚባለው ትዕዛዝ ዋጋውን ይጠብቅልሃል፤ መሸጥህን ግን አያረጋግጥልህም። የሜታ አክሲዮን ወደዚያ ዋጋ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመካከሉ የት እንደደረሰ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ያንኑ ሌሊት በሦስት ዓይነት ሰው ሂሳብ እንየው። ሦስቱም 10,000 ዶላር አላቸው፤ ሦስቱም ያንኑ ቻርት አይተው በ323 ገዝተው ስቶፑን 285 ላይ አደረጉ። የመጀመሪያው «በአንድ ግዢ ከገንዘቤ 1 በመቶ በላይ አላጣም» የሚል ነው። 1 በመቶው 100 ዶላር ነው። በአንድ አክሲዮን የሚያሰጋው 38 ዶላር ስለሆነ፣ 100ን ለ38 ሲያካፍል ሁለት አክሲዮንና ሽርፍራፊ ይደርሰዋል፤ ሁለት ገዛ። ጠዋት 156 ዶላር አጣ። ካሰበው እጥፍ ነው፤ ያናድዳል፤ ግን ሂሳቡ ላይ 9,844 ዶላር አለው፤ ከሰዓት በኋላም ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው አንተ ነህ፤ አትቆጣ። ያለውን ሁሉ አስገብቶ 30 አክሲዮን ገዛ። ጠዋት 2,340 ዶላር የለም። የቀረው 7,660 ወደ 10,000 እንዲመለስለት ከ30 በመቶ በላይ ማትረፍ አለበት። ይህን ልብ በል፤ 23 በመቶ አጥተህ 23 በመቶ ብታተርፍ ወደነበርክበት አትመለስም፤ ምክንያቱም አሁን የምታተርፈው ካነሰው ገንዘብ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከብሮከሩ ተበድሮ በገንዘቡ አምስት እጥፍ ያህል የገባ ነው። 150 አክሲዮን ያዘ። ኪሳራው 11,700 ዶላር ነው፤ ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። ብሮከሮች በስልክ መተግበሪያቸው ላይ በአንድ ንክኪ የሚያቀርቡልህ ብድር፣ ሌቨሬጅ የሚሉት፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲኤፍዲ በሚባለው፣ አክሲዮኑን ራሱን ሳይገዙ በዋጋው ለውጥ ላይ ብቻ በሚደረግ ውል፣ በተናጠል አክሲዮኖች ላይ ለሚገበያዩ ግለሰቦች አምስት እጥፍን ጣሪያ ያደረገው፣ ከእንዲህ ዓይነቱ የግለሰብ ሂሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆነው እንደሚከስር ካየ በኋላ ነው። እዚያ ሂሳብህ ከዜሮ በታች እንዳይወርድም ሕግ ያስገድዳል፤ በሌላ ቦታ ግን ባዶ ሆነህ ዕዳ ሊከተልህ ይችላል።

ልብ ብለህ ከሆነ ሦስቱም ያነበቡት ቻርት አንድ ነው፤ የተሳሳቱትም በአንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሲተርፍ አንዱ የጠፋው በገዙት ብዛት ነው። አንተ ደግሞ በመልእክትህ ውስጥ ስለ ብዛት የጻፍከው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ሁሉንም»።

ወደ ሜታ ልመለስ፤ ታሪኩ አላለቀም። 26 በመቶ ከወደቀ በኋላ «በቃ፣ ረክሷል» ብለው የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ከ237 በኋላ ግን መውረዱን ቀጠለ፤ በየመንገዱ «ከዚህስ አያልፍም» የሚያሰኙ ወለሎች እየታዩ አንድ በአንድ ተሰበሩ። በኦክቶበር ማብቂያ ሌላ ሪፖርት ወጥቶ በአንድ ቀን ወደ 25 በመቶ ገደማ ጣለው፤ በኖቬምበር መጀመሪያ 89 ዶላር ላይ ዘጋ። ያን ቀን ቻርቱን ያየ ሰው ሊያነበው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያለቀለት ኩባንያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር በ2023 መጨረሻ አክሲዮኑ 354 ዶላር ነበር፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ኩባንያው ሠራተኛ ቀነሰ፣ ወጪ ቆረጠ፣ የማስታወቂያው ገቢ አገገመ። ይህም ቢሆን በ89 ዶላሩ ሻማ ላይ አልተጻፈም ነበር።

ዛሬ ያንን ቻርት ከፍተህ ስታየው ግን ሁሉም ግልጽ ይመስልሃል። «እዚህ መሸጥ ነበረበት፣ እዚህ መግዛት» ትላለህ። ዓይናችን እንዲህ ያታልለናል። ወደ ኋላ ሲታይ የተሳካው ወለል «ሳፖርት» ተብሎ ስም ያገኛል፤ የተሰበሩት ግን ማንም አያስታውሳቸውም፤ በቁልቁለቱ መሐል ተውጠዋል። ስለ ቻርት የሚያስተምሩህ ቪዲዮዎች የሚያሳዩህም የሠሩትን ብቻ ነው።

ለነገሩ ዓይናችን ቅርጽ የሌለበትም ቦታ ቅርጽ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃሪ ሮበርትስ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ በዘፈቀደ የተገኙ ቁጥሮችን እየደመሩ በወረቀት ላይ ሣሉዋቸው፤ የወጣው ሥዕል ከአክሲዮን ቻርት ጋር የሚያሳስት ሆነ። ቤትህ ሆነህ ልትሞክረው ትችላለህ። ከ100 ጀምር፤ ሳንቲም ወርውር፤ ዘውድ ሲመጣ አንድ ጨምር፣ ሲገለበጥ አንድ ቀንስ፤ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ቀጥልና በመስመር አገናኘው። ወለልም ጣሪያም፣ አቀበትም ታገኝበታለህ። ያን ወረቀት ይዘህ ግን የሚቀጥለውን ሳንቲም ልትገምት አትችልም። ዋጋ ሙሉ በሙሉ እንደ ሳንቲም ነው አልልም፤ ተመራማሪዎች ዋጋው ሲጨምር የከረመ አክሲዮን ለጥቂት ወራት በዚያው አቅጣጫ የመቀጠል ዝንባሌ እንደሚያሳይ በብዙ ገበያዎች አይተዋል። ዝንባሌ ግን በብዙ አክሲዮኖች አማካይ ላይ የሚታይ ነው፤ ስለ አንተ አንድ አክሲዮን በሚቀጥለው ሳምንት ምንም አይልህም።

ካልሰለቸህ የላክልኝን መስመር አብረን እንየው። ቀይዋ መስመርህ ሁለት ዝቅተኛ ነጥቦችን ትነካለች፤ ሦስተኛውን ግን ቆርጣው አልፋለች። ያን ሦስተኛ ነጥብ ብትቆጥረው መስመርህ ጠፍጣፋ ይሆን ነበር፤ «ሊነሣ ነው» የምትለውም አቀበት አይኖርም። ያንኑ አክሲዮን እኔ በሳምንታዊ ሻማ ከፈትኩት፤ እየወረደ ነው። በሰዓት ሻማ ደግሞ እየወጣ ነው። ከሦስቱ አንዱን የመረጥከው አንተ ነህ፤ መግዛት ስለፈለግክ የሚስማማህን መረጥክ። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ለዚህ ነው ከመግዛቴ በፊት የት ላይ እንደተሳሳትኩ እንደማምን በወረቀት የምጽፈው፤ ከገዛሁ በኋላ የራሴ ዳኛ መሆን ስለማልችል።

«እርግጠኛ ካልሆንክ ታዲያ በምን ትተርፋለህ?» ትለኝ ይሆናል። በሂሳብ ነው። አንድ ነጋዴ ከ100 ግዢ በ40ው ብቻ ቢቀናው፣ ግን ሲቀናው 200 ዶላር አትርፎ ሳይቀናው 100 ቢያጣ፣ 8,000 አግኝቶ 6,000 ያጣል፤ ከኮሚሽን በፊት 2,000 ይተርፈዋል። ከግማሽ በላይ እየተሳሳተ ማለት ነው። የዚህ ሰው መከራ ግን ኪሳራው ተራ ጠብቆ አለመምጣቱ ነው። አምስት ግዢ በጀመረ ቁጥር አምስቱም ሊከስሩበት የሚችሉበት ዕድል ከ13 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ በመቶ ግዢ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፉ ወረፋ እንደሚገጥመው ጠብቆ መኖር አለበት። በየግዢው 1 በመቶ የሚያጣው ሰው አምስት በተከታታይ ሲከስር 5 በመቶ ገደማ ጎሎበት ይቀጥላል። ሁሉንም የሚያስገባው ግን መቶኛው ግዢ ላይ ሳይደርስ ከጨዋታ ይወጣል፤ ዘዴው ትክክል ሆኖ እንኳ። ደግሞም 40 እና 200 የሚሉትን ቁጥሮች ማንም አስቀድሞ አይሰጥህም። ከራስህ መዝገብ ነው የምታወጣቸው፤ ገበያው ጠባዩን ሲለውጥ እነሱም ይለወጣሉ።

አሁን ለጥያቄህ መልስ ልስጥ፤ መቼም እንዲሁ ብሸኝህ አትወደኝም። ገንዘቡን ለብዙ ዓመት የማትነካው ከሆነና ቻርት ፊት መቀመጥ ካልፈለግክ፣ ከሦስቱ አንዱንም አትምረጥ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን በአንድ ላይ የሚይዝ፣ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነ ኢንዴክስ ፈንድ አለ። ሜታ 26 በመቶ በወደቀበት ቀን የአሜሪካን 500 ትልልቅ ኩባንያዎች የሚለካው ኢንዴክስ የወረደው 2.4 በመቶ ያህል ነበር። ያም ቢሆን ይወርዳል፤ በዚያ ዓመት በአጠቃላይ ወደ 19 በመቶ ወርዷል። ግን አንድ ሪፖርት በአንድ ሌሊት አያፈርሰውም።

የለም፣ አንዱን ልሞክር ካልክ ደግሞ ቻርት አትላክልኝ፤ አራት ቁጥር ላክልኝ። የምትገዛበትን ዋጋ፣ ተሳስቻለሁ ብለህ የምትወጣበትን ዋጋ፣ ብታጣው እንቅልፍ የማይነሳህን ገንዘብ፣ እና ኩባንያው ቀጣዩን ሪፖርት የሚያወጣበትን ቀን። ከአራቱ ስንት አክሲዮን እንደምትገዛ አብረን እናወጣለን። ዋጋው ሊዘል እንደሚችል አስበን ከዚያም ላይ ግማሹን እንቀንሳለን። ቀይ መስመር ያሰመርክበት ኩባንያ ሪፖርቱን የሚያወጣው በሚመጣው ሐሙስ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አይቼዋለሁ። እስከ ዓርብ ጠዋት አትንካው።

አክባሪህ